የቤት ብድር እየተከፈለ ዕዳው የማይቀንሰው ለምንድን ነው? ስቴትመንቱን ማጣሪያና ቀድሞ መክፈያ መንገድ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ልብስ የሚነግዱ፣ ሳቢያን ላይ በባንክ ብድር ቤት የገዙ አንዲት ደንበኛዬ የዓመቱን ስቴትመንት ይዘው መጡ። ብድሩ 1,500,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ ጊዜው 15 ዓመት ነው። በየወሩ 24,156 ብር ከ32 ሳንቲም ሳያጓድሉ ከፍለዋል፤ በዓመቱ ሲደመር 289,876 ብር ገደማ ይሆናል። ስቴትመንቱ መጨረሻ ላይ ያለው ቀሪ ዕዳ ግን 1,478,400 ብር ይላል። የቀነሰው 21,600 ብር ብቻ ነው። «አቦ፣ የቀረው የት ገባ?» አሉኝ።

የቀረው ወለድ ሆኗል። ባንኩ አልሰረቃቸውም፤ በእሳቸው ጉዳይ ስህተትም አልነበረም። ግን ስህተት የሚኖርባቸው ስቴትመንቶች አሉ፤ ከጤነኛው ጋር ሲተያዩ ላይ ላዩን አንድ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሁለቱን መለየት ነው፣ ቀድሞ ስለመክፈል የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሮቹን ለማሳያ እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ፤ የራስዎን ቁጥር እየተኩ ይከተሉ።

መጀመሪያ ሦስቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ያድርጉ

የሚያስፈልጉት የብድር ውሉ፣ ባንኩ ብድሩን ሲለቅ የሰጠው የክፍያ ሰንጠረዥ እና ስቴትመንቱ ናቸው። ሰንጠረዡን ብዙ ሰው ከፋይሉ አውጥቶ አያውቅም፤ ከጠፋብዎ ቅርንጫፉ እንደገና አትሞ ይሰጥዎታል። ስቴትመንት ሲጠይቁ «የብድር ሂሳቤን» ብለው ይጠይቁ። እንዲያው «ስቴትመንት» ካሉ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የቁጠባ ሂሳብዎን ልትሰጥዎት ትችላለች። እዚያ ላይ የሚታየው ገንዘቡ ከእርስዎ መውጣቱ ነው እንጂ ዕዳው ላይ ምን እንደሠራ አይደለም።

የብድር ሂሳብ የሚነበበው ከቁጠባ ሂሳብ በተቃራኒ ነው። ዴቢት ዕዳዎን የሚጨምር፣ ክሬዲት ዕዳዎን የሚቀንስ ነው። ወለድ በዴቢት ይገባል፣ የእርስዎ ክፍያ በክሬዲት። ባላንሱ አጠገብ DR የሚል ወይም የመቀነስ ምልክት ካዩ አይደንግጡ፤ ዕዳ አለብዎ ማለት ነው፣ እሱንም ያውቁታል። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚታተሙ የከፈሉበትን የእኛን ቀን ከጎኑ በእርሳስ መጻፍ በኋላ ብዙ ክርክር ይቀንሳል።

ከዚያ የአንድ ወር ወለድ በእጅዎ ያስሉ

የዚህ ዓይነት ብድር አከፋፈል አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፦ የወሩ ወለድ የሚሰላው በዚያ ወር ባለብዎት ዕዳ ላይ ነው፣ ከክፍያዎ መጀመሪያ የሚነሣው ወለዱ ነው፣ የተረፈው ዋናውን ብድር ይቀንሳል። ወርኃዊ ክፍያው እስከ መጨረሻው እንዳይለዋወጥ ተደርጎ ስለሚሰላ፣ በክፍያው ውስጥ ያለው የወለድና የዋና ብድር ድርሻ ነው በየወሩ ቦታ የሚቀያየረው።

18 በመቶ በዓመት ማለት 1.5 በመቶ በወር ነው። የ1,500,000 ብር 1.5 በመቶ 22,500 ብር ነው። ከ24,156 ብር ከ32 ላይ ይህ ሲነሣ ለዋናው ብድር የሚተርፈው 1,656 ብር ከ32 ሳንቲም ነው። በሚቀጥለው ወር ዕዳው በዚያችው ያህል ስለቀነሰ ወለዱም በ25 ብር ገደማ ይቀንሳል፤ ያቺ 25 ብር ወደ ዋናው ብድር ትዞራለች። እንዲህ እያለ ይሄዳል፦

| ወር | ወለድ | ለዋናው ብድር | ቀሪ ዕዳ |
|---|---|---|---|
| 1 | 22,500.00 | 1,656.32 | 1,498,343.68 |
| 2 | 22,475.16 | 1,681.16 | 1,496,662.52 |
| 3 | 22,449.94 | 1,706.38 | 1,494,956.14 |

በዚህ አካሄድ ከክፍያው ውስጥ የዋናው ብድር ድርሻ ከወለዱ የሚበልጠው 135ኛው ወር ላይ ነው፤ 11 ዓመት አልፎት ማለት ነው። ግማሹ ብድር የሚያልቀውም እዚያው አካባቢ፣ 138ኛው ወር ላይ ነው። ቀሪው ግማሽ በሦስት ዓመት ተኩል ያልቃል።

«ባንክ ወለዱን አስቀድሞ ይወስዳል» የሚባለው ወሬ ድሬም ሐረርም የተለመደ ነው። አባባሉ በትንሹ ያሳስታል። ባንኩ የመጪውን ዓመት ወለድ ዛሬ አልወሰደም፤ የወሰደው ለዚህ ወር፣ ባለው ዕዳ ላይ የሚገባውን ነው። መጀመሪያ ላይ ወለዱ የሚከብደው ዕዳው ገና ትልቅ ስለሆነ ነው። ልዩነቱ ለወሬ ያህል አይደለም፦ ወለዱ አስቀድሞ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ መክፈል ምንም አይጠቅምም ነበር።

ወርኃዊ ክፍያው ራሱ ትክክል መሆኑን ለማየት ስልክዎ ላይ ባለው ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ አንድ መስመር ይበቃል፦

```
=PMT(18%/12, 180, -1500000)
```

180ው የወሮቹ ብዛት ነው። መልሱ 24,156.32 ይመጣል። የእርስዎ ቁጥር ከባንኩ በጥቂት ብር ቢለይ ችግር የለውም፤ በመቶዎች ከተለየ ውሉ ላይ ያለው ወለድ ወይም ጊዜ እርስዎ ከሚያስቡት የተለየ ነው ማለት ነው።

ስቴትመንቱ ከሰንጠረዡ ጋር ካልገጠመ

ሳንቲም በሳንቲም እንዲገጥም አይጠብቁ። ሰንጠረዡ ብዙ ጊዜ ወሩን ሁሉ እኩል አድርጎ ይወስዳል፣ ስቴትመንቱ ላይ ያለው ወለድ ግን በቀን የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። በ365 ቀን ሂሳብ የ1,500,000 ብር ወለድ 31 ቀን ላለው ወር 22,931 ብር ከ51፣ 28 ቀን ላለው የካቲት አካባቢ ደግሞ 20,712 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። አንዱ ወር ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ሲል ያዩት ልዩነት በዚህ ምክንያት ከሆነ ጤነኛ ነው። ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ የሚያሰላ ውል ካለ ግን ለ31 ቀን 23,250 ብር ይመጣል፤ ይህ ከመጀመሪያው በ318 ብር ይበልጣል፣ በየወሩም ይበልጣል። የትኛው እንደሆነ ውሉ ላይ ይፈልጉ።

ከዚህ ውጭ የሆነ ልዩነት ካለ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

በጣም አደገኛው የወለድ መጠን ለውጥ ነው። ብዙ የብድር ውሎች ባንኩ ወለዱን ሊቀይር እንደሚችል የሚል አንቀጽ አላቸው። ወለዱ ተቀይሮ ወርኃዊ ክፍያው እንደነበረ ከቀጠለ ምን እንደሚሆን በደንበኛዬ ሂሳብ እንየው። ከአንድ ዓመት በኋላ ዕዳቸው 1,478,400 ብር ላይ እያለ ወለዱ ከ18 ወደ 19.5 በመቶ ቢወጣ የወሩ ወለድ 24,024 ብር ይሆናል። ከ24,156ቱ ብር ለዋናው ብድር የሚተርፈው 132 ብር ነው። 20 በመቶ ቢሆን ደግሞ ወለዱ 24,640 ብር ይደርሳል፤ እየከፈሉም ዕዳው በየወሩ ወደ 484 ብር ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ ስቴትመንትዎ ላይ ባላንሱ ቆሞ ከቀረ ወይም ወደ ላይ ከሄደ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ከስቴትመንቱ የአንዱን ወር ወለድ ይውሰዱ፣ በዚያን ጊዜ ለነበረው ዕዳ ያካፍሉት፣ በቀኑ ቁጥር አካፍለው በ365 ያባዙት። የሚወጣው ትክክለኛው የዓመት ወለድ ነው። 0.18 መሆን የነበረበት 0.195 ከሆነ ጥያቄዎን ይዘው ወደ ብድር ክፍል ይሂዱ፤ ለውጡ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነና ማስታወቂያው መቼ እንደተላከልዎት ይጠይቁ።

ሁለተኛው የእፎይታ ጊዜ ነው። ቤቱ ግንባታ ላይ እያለ ወይም ብድሩ ሲለቀቅ የስድስት ወር እፎይታ ተሰጥቶዎት ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ ወለድ አልቆመም። ሳይከፈል የተጠራቀመው ወለድ ዋናው ብድር ላይ ተደምሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ መነሻዎ 1,500,000 ሳይሆን ከዚያ የበለጠ ነው፣ ሰንጠረዡም ከዚያው ነው የሚጀምረው።

የቀሩት ትናንሽ ናቸው፦ ለመያዣው ቤት ባንኩ የከፈለው የእሳት ኢንሹራንስ አርቦን በዴቢት ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ በዘገየ ክፍያ ላይ የተጨመረ ቅጣትም እንዲሁ። የዘገየ ክፍያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወራረደው ቅጣቱ፣ ቀጥሎ ወለዱ፣ መጨረሻ ዋናው ብድር ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ወር ያዘገየ ሰው ዋናው ብድር ላይ ምንም ሳይደርስለት ይቀራል። ደሞዝ ወይም ሽያጭ የሚገባበትን ቀን ከክፍያው ቀን ቢያንስ ሦስትና አራት ቀን ማራራቅ ለዚህ መድኃኒቱ ነው።

ስህተት ካገኙ በቃል አይጨቃጨቁ። ቀኑን፣ መጠኑንና ስሌትዎን በአንድ ገጽ ጽፈው ለቅርንጫፉ ያስገቡ፣ ኮፒው ላይ የተቀበሉበትን ማኅተም ያስደርጉ። መልስ ካጡ ቀጥሎ የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ብሔራዊ ባንክ ነው። ማኅተም ያለበት ኮፒ የሌለው ሰው እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

ቀድሞ መክፈል ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ደንበኛዬ እንመለስና ሦስት ዓመት ከፍለዋል እንበል። 869,628 ብር ወጥቷል፣ ዕዳው ግን 1,421,696 ብር ላይ ነው። ከእቁብ 200,000 ብር ደረሳቸው፤ ብድሩ ላይ ሊያደርጉት አሰቡ።

እዚህ ላይ ባንኩ ገንዘቡን በሦስት መንገድ ሊቀበለው ይችላል፣ ውጤቱም የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

አንደኛው፣ ገንዘቡ ለሚቀጥሉት ወራት እንደ ቅድሚያ ክፍያ መያዝ ነው። 200,000 ብር የስምንት ወር ክፍያ ይሸፍናል፣ እሳቸውም ስምንት ወር አይከፍሉም። ዋናው ብድር ግን ከሰንጠረዡ ቀድሞ አልቀነሰም፤ የተጠቀሙት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚወድቅበት ይህ ነው፤ ቁጠባ ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ አስገብቶ «ብድሬን ቀነስኩ» ብሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው፣ 200,000ው ከዋናው ብድር ተቀንሶ የመክፈያ ጊዜው እንዳለ ሆኖ ወርኃዊ ክፍያው ዝቅ ማለት ነው። ክፍያው ወደ 20,758 ብር ይወርዳል። በቀሩት 12 ዓመታት የሚተርፈው ወለድ 289 ሺህ ብር ገደማ ነው።

ሦስተኛው፣ 200,000ው ከዋናው ብድር ተቀንሶ ወርኃዊ ክፍያው እንደነበረ መቀጠል ነው። ያኔ የሚያጥረው ጊዜው ነው። ስንት ወር እንደሚቀር ይህ መስመር ይነግርዎታል፦

```
=NPER(18%/12, 24156.32, -1221696)
```

መልሱ 95.5 ገደማ ነው። 144 ወር ይቀር የነበረው 96 ሆነ ማለት ነው፤ አራት ዓመት ተቆረጠ። የሚተርፈው ወለድ 970 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ያው 200,000 ብር፣ ያው ቀን፣ ያው ባንክ፤ ልዩነቱ ማመልከቻው ላይ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን ከማስገባትዎ በፊት ደብዳቤ ይጻፉ። የሚበቃው ይህን ያህል ነው፦ «በብድር ሂሳብ ቁጥሬ ላይ ብር 200,000 ከዋናው ብድር ተቀናሽ እንዲሆን፣ ወርኃዊ ክፍያዬ ሳይቀየር የመክፈያ ጊዜው እንዲያጥርና የተስተካከለ የክፍያ ሰንጠረዥ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።» አዲሱ ሰንጠረዥ በእጅዎ ሳይገባ ነገሩ አለቀ አይበሉ። በሚቀጥለው ወር ስቴትመንት ላይ ወለዱ ወደ 18,325 ብር ካልወረደ ገንዘቡ ዋናው ብድር ላይ አልደረሰም።

ጊዜው በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ያው 200,000 ብር 138ኛው ወር ላይ ቢከፈል የሚተርፈው ወለድ 138 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፤ ያኔ ከክፍያው አብዛኛው ዋናውን ብድር እየቀነሰ ስለሆነ ወለድ የሚቀረው ጥቂት ነው። ብድሩ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ወርቅ ሸጦ የሚዘጋ ሰው ሳይ፣ የሚያተርፈው የአእምሮ ዕረፍቱን ነው እላለሁ።

ደግሞ 970 ሺህ የሚለውን ቁጥር አይቶ መፍዘዝም አያስፈልግም። የሚተርፈው ገንዘብ ዛሬ ኪስ የሚገባ አይደለም፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ሳይከፈል የሚቀር ነው፣ የዚያን ጊዜ ብር ደግሞ የዛሬ ብር አይደለም። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ የዓመቱ 18 በመቶ ነው። ዕዳ ላይ የከፈሉት ብር በዓመት 18 በመቶ ያለ ምንም ስጋት ያተርፋል። ደንበኛዬ 200,000 ብር ለዒድ የሚሆን ልብስ አምጥተውበት በዓመት ከዚያ በላይ የተጣራ ትርፍ ካገኙ ሱቁ ይሻላቸዋል። ገንዘቡ ቁጠባ ሂሳብ ውስጥ በ7 በመቶ የሚተኛ ከሆነ ግን ምርጫው ግልጽ ነው። እኔ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ቢያንስ የሦስት ወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ በእጅ ይቅር። ዋናው ብድር ላይ የገባ ብር ሱቁ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ አይወጣም።

ቅጣቱን ማንበብ

አንዳንድ ውሎች ቀድሞ ለሚከፍል ሰው ቅጣት ወይም ኮሚሽን ያስቀምጣሉ። ከባንኩ ወገን ሲታይ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ 15 ዓመት ወለድ አገኛለሁ ብሎ ያሰማራው ገንዘብ ሳይጠበቅ ይመለስበታል፣ እንደገና ሌላ ተበዳሪ መፈለግ አለበት። ለተበዳሪው የሚያሳስበው የመቶኛው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ መቶኛው የምን መቶኛ እንደሆነ ነው።

ውሉ «3 በመቶ» ይላል እንበል። በሚከፈለው መጠን ላይ ከሆነ ለ200,000 ብር 6,000 ብር ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ከሆነ የ1,421,696 ብር 3 በመቶ፣ ማለትም 42,651 ብር ነው። በመጀመሪያው ብድር ላይ ከሆነ 45,000 ብር። ለ200,000 ብር ክፍያ 42 ሺህ መቀጣት ማለት ከአምስት ብር አንዱን አሳልፎ መስጠት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ውል ያለው ሰው በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መክፈል የለበትም፣ አጠራቅሞ አንድ ጊዜ ነው የሚከፍለው። በሚከፈለው መጠን ላይ ከሆነ ደግሞ መከፋፈሉ አይጎዳም።

አንቀጹን ሲያነቡ ሌሎች ሁለት ነገሮችን ይፈልጉ። አንዱ ቅጣቱ እስከ መቼ እንደሚሠራ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌላው የገንዘቡ ምንጭ ነው፤ ከራስ ገንዘብ ሲከፈል የሌለ ቅጣት ብድሩ ወደ ሌላ ባንክ ሲዛወር ሊኖር ይችላል። ውሉ ስለ ቅጣት ምንም የማይል ከሆነ፣ ግን መስኮት ላይ ቅጣት ከተጠየቁ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቅጣቱ እስኪያበቃ መጠበቅ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ለመወሰን ቅጣቱን በወር ወለድ ያካፍሉት። 3 በመቶ ለ1.5 ሲካፈል 2 ነው፤ ቅጣቱ የሁለት ወር ወለድ ያህል ነው ማለት ነው። ገንዘብዎ እየጠበቀ 7 በመቶ ቁጠባ ላይ ከተቀመጠ በወር 0.58 በመቶ ገደማ ስለሚያስገባ የመጠበቁ ዋጋ ወደ 0.92 ይወርዳል፤ ያኔ 3 ለ0.92 ሲካፈል ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ይሆናል። ስለዚህ ቅጣቱ ሁለት ወር ውስጥ የሚያበቃ ከሆነ ይጠብቁ። ገና አንድ ዓመት የሚቀረው ከሆነ ቅጣቱን ከፍሎ መገላገል ይሻላል፤ ከቅጣት ሸሽቶ ዓመት ሙሉ ወለድ የሚከፍል ሰው የከፋውን መርጧል። ይህ ስሌት የሚሠራው ቅጣቱ በሚከፈለው መጠን ላይ ሲሆን ወይም ብድሩን ሙሉ በሙሉ ሲዘጉ ነው።

በዚሁ መንገድ ወደ ሌላ ባንክ መዛወርንም ማየት ይቻላል። በ16 በመቶ የሚቀበል ባንክ ቢገኝ የሁለት ነጥብ ልዩነት በ1,421,696 ብር ላይ በመጀመሪያው ዓመት 28 ሺህ ገደማ ነው። ከዚህ ላይ 42,651 ብር ቅጣት፣ የአዲሱ ባንክ የቤት ግምት፣ የመያዣ ምዝገባና የውል ወጪ ይነሣል። ለመካካስ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ እሱም አዲሱ ባንክ ወለዱን ካልጨመረ ነው።

ድሬና ሐረር ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ከወለድ ነፃ ፋይናንስ በተመለከተ ይህ ሁሉ እንዳለ አይሠራም። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ወይም ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በታወቀ ዋጋ ይሸጥልዎታል፤ ዕዳዎ የሽያጩ ዋጋ ነው እንጂ በየወሩ የሚሰላ ወለድ የለም። ቀድመው ቢከፍሉ ዕዳው በራሱ አይቀንስም፤ ባንኩ ከትርፉ ላይ ሊቀንስልዎ ይችላል፣ ግን ይቀንስ እንደሆነና ስንት እንደሚቀንስ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ያግኙት።

ሙሉ በሙሉ ሲዘጉ

ስቴትመንቱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ባላንስ ይዘው ሄደው «ይኸው» አይበሉ። ካለፈው ክፍያ ወዲህ የተቆጠረ ወለድ አለ፤ 1,421,696 ብር ላይ በቀን 701 ብር ነው። ስለዚህ ባንኩ የሚከፍሉበትን ቀን የጠቀሰ የመዝጊያ ሂሳብ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ዋናው ብድር፣ እስከዚያ ቀን ያለው ወለድ፣ ቅጣቱና ሌላ ክፍያ ካለ ለየብቻ ተጽፎ። ወረቀቱ ለሐሙስ ተሠርቶ እርስዎ ሰኞ ከከፈሉ የአራት ቀን ወለድ፣ 2,804 ብር፣ ይጎድላል፤ ሂሳቡም ሳይዘጋ ይቀራል። እንዲህ የተረሳች ትንሽ ቀሪ ከወራት በኋላ ቅጣት ወልዳ ስትመጣ አይቻለሁ።

ከከፈሉ በኋላ ባላንሱ ዜሮ የሆነበትን ስቴትመንትና ከዕዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ ይውሰዱ። ያ ብቻ ቤቱን አያስለቅቅም። ካርታው የተያዘው በመሬት ጽሕፈት ቤት በኩል ስለሆነ ባንኩ እገዳው እንዲነሣ ለጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ደብዳቤው የካርታውን ቁጥርና ስምዎን በትክክል መያዙን እዚያው መስኮት ላይ ያረጋግጡ፤ በአንድ ፊደል የተሳሳተ ስም ተመልሶ ባንክ ያስሄዳል። ደብዳቤው ደርሶ እገዳው ከመዝገብ መነሣቱን እርስዎ ራስዎ ሄደው ይጠይቁ፣ ካርታዎንም ከባንኩ ፈርመው ይረከቡ። የኢንሹራንሱ ውል ላይ ባንኩ ተጠቃሚ ሆኖ ከተመዘገበ እሱንም በስምዎ ያስቀይሩ።